ጄሶ ውስጥ ላለ እግር ክሪያቲን፦ መቼ ይጀመር፣ ስንት ይወሰድ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሀዋሳ ነው። 26 ዓመቴ ነው፣ 68 ኪሎ እመዝናለሁ። ኳስ ስጫወት ቁርጭምጭሚቴ ጋ ቀጭኑ አጥንት ተሰብሮ ከጉልበቴ በታች ጄሶ ታስሮልኛል። 6 ሳምንት ይቆያል ተብያለሁ፤ ዛሬ 10ኛ ቀኔ ነው። ጂም የሚሠራ ጓደኛዬ አንድ ያልተከፈተ ዕቃ 300 ግራም የክሪያቲን ዱቄት ሰጥቶኝ በቀን 4 ማንኪያ ውሰድ፣ ባትህ አይከሳም አለኝ። እውነት ነው? ጾም ላይ ነኝ፣ ለሕመሙም ዲክሎፌናክ እየወሰድኩ ነው።»

ምላሽ፦

ጓደኛህ የሰጠህ ነገር ጥሩ ነው፤ የነገረህ አወሳሰድ ግን ለአንተ አይሆንም። ዛሬ አትጀምር። ዲክሎፌናኩን ጨርሰህ፣ እብጠቱም ረግቶ፣ ከ4 ቀን በኋላ በቀን 3 ግራም ብቻ ጀምር። ባትህ ጄሶ ውስጥ እያለ መክሳቱ አይቀርም፤ ክሪያቲኑ የሚያግዝህ ጄሶው ከተፈታ በኋላ የከሳውን ስትመልስ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ጡንቻ ጄሶ ውስጥ ለምን እንደሚከሳ ማወቅ ያስፈልጋል። ጡንቻ በየቀኑ ፕሮቲኑን ያፈርሳል፣ መልሶም ይሠራል። እግር መንቀሳቀስና ሸክም መቀበል ሲያቆም ዋናው ለውጥ የሚመጣው በመሥራቱ በኩል ነው፤ ጡንቻው ከምግብ ለሚያገኘው ፕሮቲን የሚሰጠው ምላሽ ይደነዝዛል። ጤነኛ ወጣቶች እግራቸው ታስሮ በተለኩባቸው ጥናቶች የፊተኛው የጭን ጡንቻ ስፋት በ5 ቀን 3.5 በመቶ፣ በ14 ቀን 8 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ጉልበት ደግሞ ከስፋቱ ቀድሞ ይወድቃል፤ በ14 ቀን 23 በመቶ ያህል ጠፍቷል። አንተ ዛሬ 10ኛ ቀንህ ላይ ስለሆንክ የመጀመሪያው ፈጣን መቀነስ ብዙውን ሥራ ሠርቶ ይሆናል። ጄሶው ሲፈታ ባትህ ከሌላው ቀጥኖ ብታየው አትደንግጥ።

ክሪያቲን ይህን የደነዘዘ ሥራ አይቀሰቅስም፤ የጡንቻ መሥሪያ ዕቃም አይደለም። ጡንቻ ውስጥ ፎስፌት ተሸክሞ ይቀመጥና በአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል ሲፈለግ፣ ለምሳሌ ደረጃ ስትወጣ ወይም ተረከዝህን አንስተህ በጣቶችህ ስትቆም፣ ያለቀውን ጉልበት ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ክምችቱ የሞላ ሰው 8 ጊዜ ያነሳውን 9 ወይም 10 ጊዜ ያነሳል፤ ጡንቻ የሚያድገውም ከዚያ ትርፍ ሥራ ነው። ጄሶ ውስጥ ያለ ባት ምንም አያነሳም። የሚሞላው ነገር ካልጎደለ መሙያው ምን ይሠራል?

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፣ ተሞክሯል። በ2001 የታተመ የቤልጅየም ጥናት 22 ጤነኛ ሰዎችን ቀኝ እግራቸውን ለ2 ሳምንት በጄሶ አስሮ ግማሾቹን በቀን 20 ግራም ክሪያቲን፣ ግማሾቹን መሳዩን ባዶ ዱቄት ሰጣቸው። ጄሶው ሲፈታ ሁለቱም ወገኖች በእኩል ከስተው ተገኙ። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ በነበሩት 10 ሳምንታት ነው፤ በሳምንት 3 ቀን የጉልበት መዘርጊያ ስፖርት ሲሠሩ ክሪያቲን የወሰዱት ጡንቻቸውንም ጉልበታቸውንም በፍጥነት መለሱ። በ2017 የታተመው የኔዘርላንድስ ጥናት ደግሞ 30 ወጣት ወንዶችን ለ7 ቀን እግራቸውን አስሮ ክሪያቲን የወሰደውም ያልወሰደውም በእኩል እንደከሳ አሳየ። ጄሶው ከተፈታ በኋላ ባለው ሳምንትም ልዩነት አልታየም፤ ክምችቱን የሚጠቀምበት የተደራጀ ስልጠና በዚያ ሳምንት አልነበረምና።

ታዲያ ጓደኛህ «አይከሳም» የሚለውን ከየት አመጣው? በ2009 የታተመ ትንሽ ጥናት አለ፤ ጂም ውስጥ የሚነገረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። 7 ወጣት ወንዶች ክንዳቸው በጄሶ ታስሮ ለአንድ ሳምንት ክሪያቲን ሲወስዱ የክንዳቸው ጉልበት 4 በመቶ ብቻ ቀነሰ፤ ባዶውን ዱቄት ሲወስዱ 21 በመቶ ቀንሶ ነበር። ውጤቱ ያማልላል፣ ነገር ግን ሰዎቹ 7 ናቸው፣ የታሰረው ክንድ ነው፣ ጊዜውም አንድ ሳምንት ነው። ክንድ የሰውነት ክብደት ተሸክሞ አያውቅም፤ ባት ግን ቀኑን ሙሉ ይሸከማል፣ ስለዚህ ሲታሰር የሚያጣው የተለየ ነው። ክንዱ የተሰበረ ሰው ቢጠይቀኝ ትንሽ የበለጠ ተስፋ እሰጠው ነበር፤ ለእግር ግን እኔ የምይዘው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጥናቶች ነው። በሦስቱም የታሰሩት ጤነኛ ሰዎች መሆናቸውንም አትርሳ፤ አጥንታቸው አልተሰበረም፣ አላበጡም፣ አልታመሙም። የጉልበት ጅማት ቀዶ ጥገና በተደረገላቸው ታካሚዎች ላይ በ2004 ሲሞከር ክሪያቲን በ12 ሳምንት ውስጥ የተለየ ጥቅም አላሳየም። እንግዲህ የምታገኘው ድጋፍ ነው፣ ተአምር አይደለም። ለአጥንቱ መጋጠም ደግሞ የሚጨምረው የተረጋገጠ ነገር የለም።

አሁን ወደ 4 ማንኪያው እንምጣ። ከዕቃው ጋር የሚመጣው ማንኪያ አብዛኛውን ጊዜ 5 ግራም ይይዛል፤ 4ቱ 20 ግራም ናቸው። በዚህ አካሄድ 300 ግራሙ በ15 ቀን ያልቃል። ዛሬ ብትጀምር ጄሶው ሊፈታ 17 ቀን ሲቀረው ዕቃው ባዶ ይሆናል፤ ስፖርት የምትጀምርበት ቀን ሲደርስ የሚቀርህ ማንኪያው ብቻ ነው።

ገንዘቡ ቢቀር እንኳ ጊዜው አይመችም። ክሪያቲን ጡንቻ ውስጥ ሲገባ ውሃ ይዞ ይገባል። 20 ግራም በሚወሰድበት የመጀመሪያ ሳምንት ሰው 1 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ የሚጨምረው በዚህ ውሃ ነው። ባትና ቅልጥም ደግሞ የማይለጠጥ ሽፋን የተጠቀለለባቸው ክፍሎች ናቸው፤ ብዙ ክሪያቲን በሚወስዱ ጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረጉ ትንንሽ ጥናቶች በቅልጥሙ የፊት ክፍል ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ ተለክቷል። ጤነኛና ክፍት እግር ይህን ይችለዋል። አዲስ ስብራት ያበጠበት፣ በላዩም ደረቅ ጄሶ ያለበት እግር ላይ ግን ግፊት የሚጨምር ነገር መጨመር አያስፈልግም። ከ2 ሳምንት በኋላ እብጠቱ ስለሚቀንስ ጄሶው ራሱ ላላ ይላል፤ 3 ግራም ደግሞ ውሃውን ቀስ ብሎ ነው የሚያስገባው።

ክሪያቲን ብትወስድም ባትወስድም ይህን እወቅ፦ ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው ከጨመረና ማስታገሻ ካልመለሰው፣ ጣቶችህን ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሲያጥፋቸው ባትህ ወይም ቅልጥምህ ውስጥ ከባድ ሕመም ከተሰማህ፣ ጣቶችህ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከገረጡ፣ እስኪነጋ አትጠብቅ፤ ጄሶው በሰዓታት ውስጥ መከፈት አለበት። ከወጌሻ ዘንድ ጠብቆ የታሰረ እንጨትም ያው ነው። ባትህ ጄሶው ውስጥ ተወጥሮ ካመመህ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል እንዲሁ በአስቸኳይ ሂድ። «ክሪያቲኑ ውሃ ይዞ ነው» ብለህ እንዳታልፈው።

ዲክሎፌናኩን ጨርስ ያልኩህ ለኩላሊትህ ብዬ ነው። ክሪያቲን በልኩ ሲወሰድ የጤነኛን ሰው ኩላሊት እንደማይጎዳ በብዙ ጥናት ታይቷል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ፤ በተለይ ሰውነት ውሃ ሲያጥረው። አንተ ደግሞ ጾም ላይ ነህ፣ ሀዋሳ ፀሐይ ላይ፣ ምናልባትም በክራንች ወደ መጸዳጃ መመላለስ ሰልችቶህ ውሃ ትቀንሳለህ። ይህን ብዙዎች ያደርጉታል። ክሪያቲን፣ ዲክሎፌናክና የውሃ እጥረት፣ ሦስቱን በአንድ ላይ አትደራርብ። ሕመሙ ካልተወህ ሐኪምህን ፓራሲታሞል ይበቃኝ እንደሆነ ጠይቀው።

ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ። ክሪያቲን ሰውነት ውስጥ ሲፈርስ ክሪያቲኒን ይሆናል፤ ላቦራቶሪ ኩላሊትን የሚመዝነው በዚሁ ክሪያቲኒን ነው። ዱቄቱን የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ ደህና ሆኖ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ደም ስትሰጥ «ክሪያቲን እየወሰድኩ ነው» በል። ሐኪሙ ካልተረዳው በከንቱ ያስጨንቅሃል፤ ከዚህ የከፋው ግን እውነተኛ የኩላሊት ችግር ኖሮ «ከዱቄቱ ነው» ተብሎ መታለፉ ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ አንድ ኩላሊት ብቻ ያለው፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይጀምር።

አሁን የአንተን ዕቃ እንከፋፍለው። ከ14ኛው ቀን ጀምሮ ጄሶው እስኪፈታ 28 ቀን ይቀራል። በቀን 3 ግራም ለ28 ቀን መውሰድ፣ በቀን 20 ግራም ለ6 ቀን ከመውሰድ ጋር ጡንቻን በእኩል እንደሚሞላ በ1996 በታተመ ጥናት ተለክቷል። ስለዚህ ሳትቸኩል፣ ሆድህም ሳይረበሽ ጄሶው በሚፈታበት ቀን ሞልተህ ትደርሳለህ። ለዚህ 84 ግራም ይሄዳል። ከዚያ ስፖርት በምትሠራባቸው 10 ሳምንታት ያንኑ 3 ግራም ቀጥል፤ 210 ግራም ነው። ድምሩ 294 ግራም፤ ዕቃህ ለ14 ሳምንት ልክ ይበቃሃል። እውነቱን ለመናገር፣ ቤልጅየሞቹ ከዚህ በብዙ የሚበልጥ ነው የሰጡት፤ ጄሶው ከተፈታ በኋላ እንኳ ለ3 ሳምንት በቀን 15 ግራም፣ ከዚያም 5 ግራም። ነገር ግን ጡንቻ ከሞላ በኋላ ትርፉ በሽንት ነው የሚወጣው። የ68 ኪሎ ሰው ሰውነት በቀን የሚያጣው 2 ግራም ገደማ ነው፤ 3 ግራም ይሸፍነዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የታሰረው እግር ክሪያቲን የሚወስደው ከሚንቀሳቀሰው ያነሰ ነው። በ1992 በታተመ ጥናት ሰዎች በአንድ እግራቸው ብቻ ብስክሌት እየመቱ ክሪያቲን ሲወስዱ የሠራው እግር ካልሠራው የበለጠ ሰብስቧል። ስለዚህ በእነዚህ 28 ቀናት ባትህ እንደ ሌላው ሰውነትህ ላይሞላ ይችላል፤ ጄሶው ተፈትቶ መንቀሳቀስ ስትጀምር ቀሪውን ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ የስፖርት ሳምንታት ዱቄቱን አንድም ቀን አትዝለል የምለው ለዚህ ነው።

ዱቄቱን የምትለካው እንዲህ ነው። ባለ 5 ግራሙን ማንኪያ ሳታጨናንቅ ከግማሽ ጥቂት አልፈህ ሙላ፤ ወደ 3 ግራም ይመጣል። ማንኪያው ስንት እንደሚይዝ ዕቃው ላይ ተጽፏል። ጠርዝ ላይ ክምር አድርገህ ከሞላኸው 5 ግራም የተባለው 7 ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው ካሰብከው ቀድሞ የሚያልቀው እንደዚህ ነው። ለብ ባለ ውሃ ወይም ሻይ ውስጥ አማስለህ ወዲያው ጠጣ። በቀዝቃዛ ውሃ ከሥር እንደ ደቃቅ አሸዋ ይዘቅጣል፤ የንጹሕ ክሪያቲን ሞኖሃይድሬት ጠባዩ ስለሆነ አትጣለው፣ አነቃንቀህ ጨርሰው። ጠዋት በጥብጠህ ማታ ለመጠጣት ግን አታስቀምጥ፤ ፈሳሽ ውስጥ ሲቆይ፣ በተለይ ሎሚ ካለበት፣ ቀስ በቀስ ወደማይጠቅም ክሪያቲኒን ይለወጣል። ዱቄትህ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በቅጽበት ከጠፋ፣ ወይም ከጣፈጠ፣ ወይም ቀለም ካለው፣ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። የጀርባውን ጽሑፍ አንብብ፤ ክሪያቲን ሞኖሃይድሬት ብቻ መሆን አለበት። ማነቃቂያ የተቀላቀለበት ከሆነ ለጓደኛህ መልስለት።

ሰዓቱ ብዙም አያሳስብም፤ ከምግብ ጋር መሆኑ ግን ይጠቅማል፣ ምግብ ሲበላ የሚወጣው ኢንሱሊን ወደ ጡንቻ ያስገባዋል። እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ከመጀመሪያው ማዕድህ ጋር ውሰደው። ቡና የክሪያቲንን ሥራ ያደናቅፋል ወይ ብለህ ከጠየቅህ፣ ጠዋትና ከሰዓት የምትጠጣው ስኒ ቡና አይጎዳህም።

ጾሙ በክሪያቲን በኩል እንዲያውም ለአንተ ይበጃል። ክሪያቲን ከምግብ የሚገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው፤ አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ወይም ዓሣ ውስጥ 4 ወይም 5 ግራም ያህል አለ። 3 ግራም ለማግኘት ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ በየቀኑ ከግማሽ ኪሎ በላይ ዓሣ መግዛት ይኖርብህ ነበር። ሽሮና ምስር ውስጥ ግን ምንም የለም፤ ስለዚህ ረጅም ጾም የሚጾም ሰው ክምችቱ ዝቅ ይላል፣ ዱቄቱን ሲጀምርም ከሥጋ በላተኛው የበለጠ ይጨምራል። ዱቄቱ የሚሠራው ከኬሚካል እንጂ ከእንስሳ አይደለም። በካፕሱል ከሆነ ግን ልባሱ ጄላቲን ሊሆን ይችላል። ከዚህ ያለፈውን የንስሐ አባትህን ጠይቅ።

ጾሙ የሚያስቸግረው በፕሮቲን በኩል ነው። ጄሶ ውስጥ ላለ ሰው ከዱቄቱ በፊት የሚያሳስበው ይህ ነው። 68 ኪሎ ላለው ሰው በቀን 110 ግራም ገደማ ፕሮቲን ቢያገኝ መልካም ነው። ያልተቀቀለ 100 ግራም ምስር 24 ግራም ያህል፣ 100 ግራም ለውዝ 25 ግራም ያህል ይሰጣል፤ ሽሮ የሚሠራበት የአተር ወይም የሽምብራ ዱቄትም 20 ግራም አካባቢ አለው። አንድ ጭልፋ ቀጭን ሽሮ በእንጀራ ግን ውስጡ ያለው ዱቄት ጥቂት ነው። ሽሮውን ወፍራም አድርገው እንዲሠሩልህ ንገራቸው፣ ክክ ወይም ምስር አትለይ፣ በመሃል የተቆላ ሽምብራና ለውዝ ቆርጥም። ዓሣ የምትበላ ከሆነ ነገሩ ይቀልልሃል። «ተኝቼ ነው የምውለው» ብሎ ምግብ መቀነስ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ነው፤ ሰውነት የጎደለውን ከጡንቻ ይወስዳል።

ጄሶ ውስጥ እያለህም የሚሠራ ነገር አለ። ጄሶህ ከጉልበት በታች ስለሆነ ጭንህ ነጻ ነው። ሐኪምህ ከፈቀደ በጀርባህ ተኝተህ ጉልበትህን ሳታጥፍ እግርህን ከነጄሶው አንሥተህ 3 ሰከንድ ያዝ፤ 10 ጊዜ፣ 3 ዙር። ወንበር ላይ ተቀምጠህ ጉልበትህን መዘርጋትም እንዲሁ። ጤነኛውንም እግር አሠራው፤ አንዱን ወገን ማሠልጠን ለታሰረው ወገን ጉልበት እንደሚያተርፍ በክንድ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። በአንድ እግር ቆመህ ስትሠራ ግን ግድግዳ ያዝ፤ ሁለተኛ ውድቀት አያስፈልግህም። ባትህን ጄሶው ላይ እየገፋህ መወጠር ግን ካልተፈቀደልህ አትሞክር፤ ስብራቱ እዚያው ቁርጭምጭሚቱ ጋ ነው።

ጄሶው በተፈታ ቀን ሜትር አውጣ። ከጉልበትህ ሎሚ የታችኛው ጠርዝ 10 ሳንቲሜትር ወርደህ በሁለቱም እግር ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግ፣ ተቀምጠህ ባትህን ዘና አድርገህ ዙሪያውን ለካና ጻፈው። ሚዛን ላይ መውጣት አይነግርህም፤ 1 ኪሎ ቢጨምር ውሃ ነው። ከዚያ በየ2 ሳምንቱ በዚያው ቦታ ለካ። ፊዚዮቴራፒ የሚጀምረው ቁርጭምጭሚቱን በማፍታታት ነው፤ አጥንቱ መጋጠሙ በራጅ ታይቶ ሸክም ሲፈቀድልህ ተቀምጦ ተረከዝ ማንሣት ይከተላል፣ ቀጥሎ በሁለት እግር ቆሞ፣ በመጨረሻ በአንድ እግር፤ በሳምንት 3 ቀን፣ 3 ዙር፣ በየዙሩ 8 እስከ 12። ክሪያቲኑ ሥራውን የሚሠራው እዚህ ጋ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ማንሣቶች ከባድ ካልሆኑብህ ዱቄቱን በከንቱ ነው የምትጠጣው። ሕመምን ግን ከድካም ለይ፦ ባት ላይ የሚሰማ መቃጠል ደህና ነው፣ በአጥንቱ ላይ በአንድ ነጥብ የሚወጋ ሕመም አቁም የሚል ነው።

ጤነኛው እግርህ በአንድ እግር ቆሞ ተረከዙን ስንት ጊዜ እንደሚያነሣ ዛሬ ግድግዳ ይዘህ ቁጠረው፤ 20 ወይም 25 ሊሆን ይችላል። የተጎዳው እግር የዚያን 90 በመቶ ሳይሞላ ወደ ኳስ ሜዳ አትመለስ። ያን ቁጥር 10ኛው ሳምንት ሳይደርስ ከሞላኸው የተረፈውን ዱቄት ክዳኑን ግጥም አድርገህ ደረቅ ቦታ አስቀምጥ፤ ወይም ለጓደኛህ መልስለት፣ እሱ በ4 ማንኪያ ይጨርሰዋል።